ወተቱ በስንት ሳንቲም ቢረክስ ጉበቱ ይወጣ ነበር?

ጆርጅ ስቲግለር የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ አንድ ጥያቄ አነሣ። ክብደቱ 154 ፓውንድ፣ ማለትም 70 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ መካከለኛ ሥራ የሚሠራ ሰው ለሰውነቱ የሚያስፈልገው ሳይጎድልበት ዓመቱን ለመዝለቅ ቢያንስ ስንት ዶላር ያስፈልገዋል? ስቲግለር 77 የምግብ ዓይነቶችን ከኦገስት 1939 የገበያ ዋጋቸው ጋር ደረደረ። በየምግቡ አንጻር ደግሞ በውስጡ ያሉትን ዘጠኝ ነገሮች መጠን አሰፈረ። እነሱም ካሎሪ፣ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረት፣ ቫይታሚን ኤ፣ ታያሚን፣ ሪቦፍላቪን፣ ናያሲንና ቫይታሚን ሲ ናቸው።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሒሳብ እስከ መጨረሻው የሚፈታ ዘዴ በእጁ አልነበረም። በማመዛዘንና በሙከራ በዓመት 39.93 ዶላር የሚፈጅ ዝርዝር ላይ ደረሰ። ዝርዝሩ አምስት ምግቦች ብቻ ነበሩት፦ የስንዴ ዱቄት፣ ነጭ ቦሎቄ፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና በጣሳ የታሸገ ወፍራም ወተት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ ጆርጅ ዳንትዚግ ሲምፕሌክስ የተባለውን የስሌት ዘዴ አገኘ። ዘዴው በትልቅ ጥያቄ እንዲፈተን ሲፈለግ የተመረጠው የስቲግለር ሠንጠረዥ ነበር። በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ ውስጥ ጃክ ላደርማን የመራቸው ዘጠኝ ሒሳብ ሠራተኞች በጠረጴዛ ማስሊያ ሲደምሩና ሲያባዙ ከረሙ። ሥራው በአንድ ሰው ቢታሰብ 120 የሥራ ቀን የሚወስድ ነበር። ያገኙት ውጤት 39.69 ዶላር ነው። ዛሬ ያንኑ ሠንጠረዥ በኮምፒውተር ሲያሰሉት 39.66 ይመጣል።

ስቲግለር በግምት የደረሰበት ከትክክለኛው መልስ በዓመት ከ30 ሳንቲም ያነሰ ልዩነት ብቻ እንዳለው ብዙ ተወርቷል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የዝርዝሩ ልዩነት ነው። ሲምፕሌክስ ያገኘው ምርጥ ዝርዝርም አምስት ምግቦች አሉት። ዱቄቱ፣ ቦሎቄው፣ ጎመኑና ስፒናቹ እዚያው ናቸው። የጣሳው ወተት ግን ወጥቶ በቦታው የበሬ ጉበት ገብቷል። አንድ ጣሳ ወተት በዚያን ጊዜ 6.7 ሳንቲም፣ አንድ ፓውንድ ጉበት ደግሞ 26.8 ሳንቲም ነበር። ታዲያ ወተቱ ትንሽ ቢረክስ ወይም ጉበቱ ትንሽ ቢወደድ ዝርዝሩ ይለወጥ ነበር ወይ? ቢለወጥስ፣ ስንት ሳንቲም ላይ? ለዚህ ጥያቄ ሁሉንም ስሌት እንደገና ሳይጀምሩ መልስ ማግኘት ይቻላል።

በመጀመሪያ ዝርዝሩ ምን እንደሆነ እንይ። ምርጡ ዕቅድ ለአንድ ዓመት ወደ 299 ፓውንድ ዱቄት፣ 378 ፓውንድ ቦሎቄ፣ 111 ፓውንድ ጎመን፣ 23 ፓውንድ ስፒናችና ከሁለት ተኩል ፓውንድ ትንሽ የሚበልጥ፣ 2.58 ፓውንድ ጉበት ይጠይቃል። ይህን የሚበላ ሰው ፕሮቲን፣ ብረት፣ ታያሚንና ናያሲን ከሚያስፈልገው በላይ ያገኛል። አምስቱን ግን፣ ማለትም ካሎሪን፣ ካልሲየምን፣ ቫይታሚን ኤን፣ ሪቦፍላቪንንና ቫይታሚን ሲን፣ የሚያገኘው ልክ በሚያስፈልገው መጠን ነው፤ ቅንጣት አይተርፍም። አምስት ምግቦች አሉ፣ ልክ የሞሉ አምስት ፍላጎቶች አሉ። ስለዚህ የምግቦቹ መጠን የሚገኘው አምስት እኩልታዎችን ከአምስት ያልታወቁ ቁጥሮች ጋር በመፍታት ነው።

በእነዚያ አምስት እኩልታዎች ውስጥ ዋጋ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። በአንድ ፓውንድ ጉበት ውስጥ ያለው ሪቦፍላቪን ጉበቱ 20 ሳንቲም ቢሸጥም 30 ቢሸጥም ያው ነው። ዋጋ የሚወስነው የትኞቹ አምስት ምግቦች እንደሚመረጡ ብቻ ነው። ከተመረጡ በኋላ መጠናቸውን የሚወስነው ንጥረ ምግቡ ነው። የሊኒየር ፕሮግራሚንግ ባለሙያዎች ይህን የተመረጠውን ስብስብ መሠረት ይሉታል። መሠረቱ ሳይናጋ አንድ ዋጋ ከየት እስከ የት መንቀሳቀስ እንደሚችል መፈለግ ማለት፣ መጠኖቹ ሁሉ ባሉበት የሚቆዩበትን የዋጋ ክልል መፈለግ ማለት ነው።

ከቀላሉ እንጀምር፤ ከዝርዝሩ ውጭ ካለው ወተት። ሲምፕሌክስ ምርጡን ዕቅድ ሲያገኝ ከዕቅዱ ጋር ሌላ ነገርም ይሰጣል። ልክ ለሞሉት ለአምስቱ ፍላጎቶች ለእያንዳንዳቸው ዋጋ ያወጣላቸዋል፤ ይህም የጥላ ዋጋ ይባላል። በገበያ የሚሸጥበት ዋጋ አይደለም። ሰውየው በቀን አንድ ሚሊግራም ሪቦፍላቪን ተጨማሪ ቢያስፈልገው፣ ምርጡን ዕቅድ በጥቂቱ አስተካክሎ ያንን ለማግኘት የሚወጣው ተጨማሪ ወጪ ነው። በስቲግለር ሠንጠረዥ አንድ ሚሊግራም ሪቦፍላቪን 1.64 ሳንቲም፣ አንድ ግራም ካልሲየም 3.17 ሳንቲም፣ አንድ ሺህ ካሎሪ ደግሞ 0.88 ሳንቲም ያህል ይሆናል። ቫይታሚን ኤና ሲ በጎመኑና በስፒናቹ በርካሽ ስለሚገኙ ዋጋቸው ከዚህ ያነሰ ነው። ፕሮቲንን ጨምሮ የተረፉት አራቱ ዋጋቸው ዜሮ ነው። የተትረፈረፈ ነገር ላይ ተጨማሪ ለማግኘት ማንም ሳንቲም አያወጣም።

አሁን አንዱን ጣሳ ወተት ከፍተን ይዘቱን በእነዚህ ዋጋዎች እንመዝን። በጣሳው ውስጥ ወደ 563 ካሎሪ አለ፤ ዋጋው 0.49 ሳንቲም ነው። አንድ ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ 3.21 ሳንቲም። ከ1.5 ሚሊግራም ጥቂት የሚበልጥ ሪቦፍላቪን አለ፤ 2.58 ሳንቲም። ቫይታሚን ኤው 0.07፣ ቫይታሚን ሲው 0.06 ሳንቲም ያወጣሉ። ሲደመር 6.41 ሳንቲም ነው። ጣሳው ሱቅ ላይ የሚሸጠው ግን በ6.7 ነው። በውስጡ ያለውን ነገር ሁሉ ሰውየው በያዛቸው አምስት ምግቦች በ6.41 ሊያገኘው ስለሚችል 6.7 የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ወተቱ ከዝርዝሩ የወጣው በዚህች ከአንድ ሳንቲም ሲሶ በማትሞላ ልዩነት፣ በ0.29 ሳንቲም ነው።

ከዚህ የወተቱ ክልል ወዲያው ይገኛል። የጣሳው ዋጋ ከ6.41 ሳንቲም በላይ እስከሆነ ድረስ ዕቅዱ አይነካም። ወደ ላይ ደግሞ ገደብ የለውም፤ ያልተገዛ ነገር ቢወደድ የሚያናጋው ነገር የለም። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ማንኛውም ምግብ ክልሉ እንዲህ አንድ ወገን ብቻ ይገደባል። ስሌቱም ከዚህ አይረዝምም፦ ይዘቱን በጥላ ዋጋ መዝኖ ከገበያ ዋጋው ጋር ማወዳደር ነው።

ወተቱ 6.41 ላይ ሲደርስ ሁለት ዕቅዶች እኩል ወጪ ይኖራቸዋል። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ወተቱ ወደ ዝርዝሩ ይገባል፤ እሱ ሲገባ ደግሞ አንዱ መውጣት አለበት። የትኛው? ወተቱ እየጨመረ ሲሄድ መጀመሪያ ዜሮ የሚደርሰው ነው። እዚህ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ጉበቱ ነው። መጀመሪያውኑ በዓመት 2.58 ፓውንድ ብቻ ነበርና፣ ወተቱ ይዞት የሚመጣው ሪቦፍላቪን ቦታውን ይወስድበታል። አዲሱ ዕቅድ 47 ጣሳ ያህል ወተት፣ 359 ፓውንድ ዱቄትና 301 ፓውንድ ቦሎቄ ይሆናል። ጎመኑና ስፒናቹ እንደነበሩ ናቸው ማለት ይቻላል። የምግቦቹ ስም ዝርዝር እንግዲህ ስቲግለር በግምት የደረሰበት ያው ዝርዝር ነው። የእሱ መጠኖች 57 ጣሳ ወተት፣ 370 ፓውንድ ዱቄት፣ 285 ፓውንድ ቦሎቄ፣ 111 ፓውንድ ጎመንና 23 ፓውንድ ስፒናች ነበሩ። ሰውየው የሳተው ከምርጡ ቀጥሎ ባለው መሠረት ላይ ቆሞ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው ደግሞ የአንድ ጣሳ 0.29 ሳንቲም ነው። በግምት ብቻ እዚህ መድረሱ ምን ያህል የሠንጠረዡን ጠባይ እንዳወቀው ያሳየኛል።

ወደ ጉበቱ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጉበቱ ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ከውጭ ያለ ምግብ ዋጋው ቢለወጥ የጥላ ዋጋዎቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚለወጠው የራሱ መለያ ብቻ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ምግብ ዋጋው ሲለወጥ ግን የጥላ ዋጋዎቹ ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። የጥላ ዋጋዎቹ የተገኙት የአምስቱ ምግቦች ይዘት ሲመዘን ልክ የገበያ ዋጋቸውን እንዲያወጣ ተደርጎ ነውና፣ አንዱ ምግብ ሲወደድ ሁሉም ይስተካከላሉ። እነሱ ሲስተካከሉ ደግሞ ከውጭ ያሉት የ72ቱም ምግቦች ግምት ይለወጣል።

ጉበቱ በአንድ ሳንቲም ቢወደድ ምን እንደሚሆን እንከተል። ጉበቱ እዚህ ዕቅድ ውስጥ የገባው በሪቦፍላቪኑ ነው። ስለዚህ የአንድ ሚሊግራም ሪቦፍላቪን የጥላ ዋጋ በ0.08 ሳንቲም ያህል ይጨምራል። ዱቄቱና ቦሎቄው ዋጋቸው ስላልተለወጠ፣ የሪቦፍላቪኑን መወደድ የሚያካክስ ነገር ያስፈልጋል፤ የአንድ ሺህ ካሎሪ ዋጋ በ0.06፣ የአንድ ግራም ካልሲየም ዋጋ ደግሞ በ0.04 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ወደ ወተቱ ጣሳ ስንመልሰው የጣሳው ግምት በ0.055 ሳንቲም ከፍ ይላል። ወተቱ የጎደለው 0.29 ሳንቲም ነበር። 0.29ን ለ0.055 ስናካፍል 5.3 ሳንቲም ይመጣል። እንግዲህ ጉበቱ ከ26.8 ተነስቶ 32.1 ሳንቲም ላይ ሲደርስ የወተቱ ይዘት 6.7 ሳንቲም ያወጣል፤ ወተቱም ለመግባት በሩ ላይ ይቆማል።

ነገር ግን ወተቱን ብቻ አይቶ ማቆም አይበቃም። ይኸው ስሌት ከውጭ ላሉት ለሁሉም መደረግ አለበት፤ ወሰኑ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ነው። እዚህ ላይ ጥብቅ ፉክክር አለ። ሊማ የሚባለው ደረቅ ቦሎቄ በመነሻው ከወተቱ በጣም ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ በ8.9 ሳንቲም የሚሸጠው ፓውንድ ይዘቱ 7.98 ብቻ ያወጣል። ሪቦፍላቪን ግን በብዛት ስላለው ጉበቱ በተወደደ ቁጥር ግምቱ ከወተቱ ሦስት እጥፍ በፈጠነ ፍጥነት ይጨምራል። 32.2 ሳንቲም ላይ እሱም ይደርሳል። ወተቱ የቀደመው በአንዲት አሥረኛ ሳንቲም ነው። በመነሻው ቅርብ የሚመስለው ምግብ ሁልጊዜ ቀድሞ እንደማይገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ርቀቱም ፍጥነቱም መታየት አለባቸው።

ጉበቱ ሲረክስስ? አቅጣጫው ሲገለበጥ የሪቦፍላቪን ዋጋ እየወረደ ይሄዳል። ጉበቱ 6.3 ሳንቲም ገደማ ላይ ሲደርስ የሪቦፍላቪን የጥላ ዋጋ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በታች ጉበት በጣም ርካሽ ስለሆነ ሰውየው ከሚያስፈልገው በላይ ሪቦፍላቪን እያገኘ ቢበላ ያዋጣዋል። በዚህኛው ጫፍ የሚገባው አዲስ ምግብ ሳይሆን ትርፍ ሪቦፍላቪን ነው። መሠረቱ ግን ያው ተናጋ ማለት ነው። እንግዲህ የጉበቱ ክልል ከ6.3 እስከ 32.1 ሳንቲም ነው፤ ወደ ታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ጠባብ።

በዚህ ክልል ውስጥ መጠኖቹ አይለወጡም ማለት ወጪው አይለወጥም ማለት አይደለም። ሰውየው በዓመት 2.58 ፓውንድ ጉበት ይገዛልና፣ ጉበቱ በአንድ ሳንቲም በተወደደ ቁጥር የዓመቱ ወጪ በ2.58 ሳንቲም ይጨምራል። 32.1 ላይ ሲደርስ 39.66 የነበረው ወደ 39.80 ዶላር ይወጣል። ይህ ቁጥር ማረጋገጫም ይሆነናል፤ በጉበቱ ቦታ ወተቱን በ6.7 ሳንቲም ያስገባው ዕቅድ ሲሰላ እሱም 39.80 ይመጣል። ሁለቱ ዕቅዶች ወሰኑ ላይ እኩል መሆን አለባቸው፣ ሆነዋልም። ወሰን አስልቶ ይህ እኩልነት ያልመጣለት ሰው የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

አሁን ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ላይ ደረስን። እስካሁን ያገኘናቸው ክልሎች አንድ ዋጋ ብቻ ሲለወጥ፣ ሌሎቹ ሁሉ ባሉበት ሲቆዩ የሚሠሩ ናቸው። ወተቱ ከ6.7 ወደ 6.5 ይውረድ። ብቻውን ቢሆን ከ6.41 በላይ ስለሆነ ዕቅዱ አይነካም። ጉበቱም ከ26.8 ወደ 28.8 ይውጣ። ብቻውን ቢሆን ከ32.1 በታች ስለሆነ እሱም ምንም አያመጣም። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ቢሆኑስ? ጉበቱ በሁለት ሳንቲም መወደዱ የወተቱን ግምት ከ6.41 ወደ 6.52 ያሳድገዋል፤ ወተቱ ደግሞ አሁን 6.5 ነው። ወተቱ ይገባል፣ ጉበቱ ይወጣል። እያንዳንዱ በየክልሉ ውስጥ ሆኖ ሳለ ዕቅዱ ተለወጠ።

ለዚህ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ፤ የመቶ በመቶ ደንብ ይሉታል። እያንዳንዱ ለውጥ ከተፈቀደለት ርቀት ስንት በመቶውን እንደበላ ይሰላና ይደመራል። ወተቱ ከተፈቀደለት 0.29 ውስጥ 0.20ን ተጠቀመ፤ ወደ 68 በመቶ ነው። ጉበቱ ከ5.3 ውስጥ 2ን ተጠቀመ፤ 38 በመቶ። ድምሩ 106 ነው፣ ከመቶ አልፏል። ወተቱ የወረደው በ0.10 ብቻ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 72 ስለሚሆን መሠረቱ በእርግጠኝነት ይቆይ ነበር። ደንቡ ዋስትና የሚሰጠው ግን ድምሩ ከመቶ ካላለፈ ብቻ ነው። ሲያልፍ መሠረቱ ሊለወጥም ላይለወጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ እንደገና ማስላት ይሻላል።

ዛሬ ይህን ሁሉ በእጅ የሚያሰላ የለም። በኤክሴል ውስጥ ያለው ሶልቨር ሥራውን ሲጨርስ Sensitivity Report የሚል ገጽ ያወጣል። በዚያ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ አጠገብ Allowable Increase እና Allowable Decrease የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይታያሉ፤ አንድ ዋጋ ምን ያህል መጨመርና መቀነስ እንደሚችል የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በወተቱ መስመር ላይ ለመጨመር በኩል 1E+30 የሚል ይነበባል። ይህ ገደብ የለውም ለማለት ነው። የስቲግለርን ሠንጠረዥ የሚሞክር ሰው ደግሞ ስለ መለኪያው መጠንቀቅ አለበት። ሠንጠረዡ የያዘው አንድ ዶላር የሚገዛው ምግብ ምን ያህል ንጥረ ነገር እንዳለው ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ምግብ የዋጋ ቁጥር 1 ሆኖ ይገባል። ሶልቨር ለወተቱ 0.044 ያህል መቀነስ ይቻላል ሲል 0.044 ሳንቲም ማለቱ አይደለም። ከጣሳው ዋጋ 4.4 በመቶ ማለቱ ነው፤ ይህም ከ6.7 ሲሰላ ያገኘነው 0.29 ሳንቲም ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ጊዜ በመሠረቱ ውስጥ ያለ አንድ ምግብ መጠኑ ዜሮ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ትርፍ ሊኖረው የሚገባ ንጥረ ነገር በአጋጣሚ ልክ ይሞላል። ያን ጊዜ አንዱን ዕቅድ ከአንድ በላይ መሠረት ሊገልጸው ይችላል። ሶልቨሩ የሚያወጣው ክልል ያጋጠመው መሠረት ክልል ብቻ ስለሚሆን ከእውነተኛው ሊጠብ ይችላል፤ ሁለት ፕሮግራሞችም ለአንድ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ክልሎች ሊሰጡ ይችላሉ። ይህ መከሰቱ የሚታወቀው የመልሱን መጠኖች በማየት ነው፤ መሠረት ከተባሉት ውስጥ ዜሮ ያለበት ከሆነ ክልሉን በጥርጣሬ ማንበብ ያስፈልጋል። በስቲግለር ሠንጠረዥ ላይ አምስቱም ምግቦች ከዜሮ በላይ ናቸው፤ ፕሮቲኑ፣ ብረቱ፣ ታያሚኑና ናያሲኑም በግልጽ ይተርፋሉ። ስለዚህ ለወተቱ 6.41፣ ለጉበቱም 32.1 ያልናቸው ወሰኖች የዕቅዱ እውነተኛ ወሰኖች ናቸው።